የቲ ቅርጽ ቢም ስትረስ አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ወደ ጀልባ መሳፈሪያ የሚያሻግር አጭር የእንጨት መረማመጃ እንውሰድ። የሚሸከመው ከሁለት ጣውላ የተሠራ የቲ ቅርጽ ቢም ነው፤ ላይ የተኛው ጣውላ ወርዱ 200፣ ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር፤ ከሥሩ የቆመው ውፍረቱ 40፣ ቁመቱ 200። ቢሙ 4 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሁለት ጫፎቹ ላይ ብቻ ተደግፎ በየሜትሩ 6 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል። ስለዚህ መሐሉ ላይ ያለው የመታጠፍ ሞመንት 12 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው።

ችግር፦ የላዩና የታቹ ስትረስ እኩል ወጣ

መንስኤው ገለልተኛው ዘንግ በከፍታው አጋማሽ፣ 120 ላይ መቀመጡ ነው። በቲ ቅርጽ ግን ዘንጉ ወደ ሰፊው ጣውላ ይሳባል። የሁለቱም ጣውላዎች ስፋት 8,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ከታች ሲለካ ማዕከሎቻቸው ያሉበትን 100ን እና 220ን ማማከል ይበቃል፤ ዘንጉ 160 ላይ ይውላል። ስፋቶቹ ባይተካከሉ ኖሮ እያንዳንዱን ርቀት በስፋቱ ማባዛት ግድ ነበር።

ይህን ማረጋገጫ ፈጽሞ አትዝለሉት። ከዘንጉ በታች 40 × 160 × 80 = 512,000፤ በላይ 8,000 × 60 እና 40 × 40 × 20 ሲደመሩ ያው 512,000። ሁለቱ ካልተካከሉ ዘንጉ ቦታውን ስቷል።

ችግር፦ ስትረሱ ከሦስት እጥፍ በላይ በዛ

ቅርጹ መታጠፍን የሚቋቋምበት መጠን I ሲሰላ የእያንዳንዱ ጣውላ bh³/12 ብቻ ተደምሮ፣ ከጋራው ዘንግ ያላቸው ርቀት ተረስቷል። ሁለቱም ማዕከሎች ከዘንጉ 60 ይርቃሉ፦

```
I = (1.07 + 28.8) + (26.67 + 28.8)
  = 85.33 × 10⁶ mm⁴
```

እያንዳንዱ 28.8 የመጣው 8,000 በ60² ሲባዛ ነው። ስትረሱ ከታች 12×10⁶ × 160 ÷ 85.33×10⁶ = 22.5 ሜጋ ፓስካል መሳብ፣ ከላይ 11.25 መጨመቅ ይሆናል።

ችግር፦ ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ቢሙ ግን ከተሰላው በላይ ይጎብጣል

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚታረም ስሕተት የለም። ጣውላዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ነው። መንሸራተቱ ፍጹም ነጻ ቢሆን የሚሠራው I 27.73 × 10⁶ ብቻ ነው፤ ጉብጠቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ የቆመው ጣውላ የታች ስትረስም ወደ 43 ሜጋ ፓስካል ይወጣል። በሚስማር የተያያዘ ቢም በሁለቱ መካከል ይውላል። ለማወቅ፣ ጭነት ሳይኖር መጋጠሚያውን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር በቢሙ ጫፍ ላይ አስምሩ፤ ሲጫን መስመሩ መጋጠሚያው ላይ ከተሰበረ ተንሸራትቷል።

መጋጠሚያው ድጋፉ አጠገብ የሚሸከመው VQ/I = 12,000 × 480,000 ÷ 85.33×10⁶ = 67.5 ኒውተን በሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም በየ100 ሚሊ ሜትሩ 6.75 ኪሎ ኒውተን። V ድጋፉ ላይ ያለው የመቁረጥ ኃይል ነው፤ Q ደግሞ የላዩ ጣውላ ስፋት 8,000 ከዘንጉ በሚርቅበት 60 ሲባዛ ነው። ለዚህ የተራራቁ ሚስማሮች አይበቁም። ውኃ የማይፈታው ኮላና ብሎን ተጠቀሙ፤ ብሎኖቹንም ወደ ድጋፎቹ አቀራርቡ፣ ወደ መሐል አራርቁ፤ የሚያንሸራትተው ኃይል ጫፎቹ ላይ በርትቶ መሐል ላይ ዜሮ ይሆናልና።