ታፔላው ተቀየረ፣ መስታወቱ ግን አሁንም አሮጌውን ያሳያል

ሐዋሳ ፒያሳ ያነሳሁት የመንገድ ፎቶ ነበር። በግራ በኩል ቡና ቤት፣ ፊት ለፊቱ በቀኝ በኩል ደግሞ ሰፊ መስታወት ያለው መድኃኒት ቤት ይታያል። ፎቶው ለባነር ሊታተም ሲል የቡና ቤቱ ባለቤት ሥራቸውን ወደ ዳቦ ቤት ቀየሩ። ታፔላውን በፎቶሾፕ ቀየርኩላቸው። በቢጫ ላይ በጥቁር የተጻፈው «ቡና ቤት» ወጣ፣ በነጭ ላይ በቀይ «ዳቦ ቤት» ገባ። ባነሩ ታትሞ ሲዘረጋ ቀረብ ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ መድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ ያለው እኮ አሁንም ቡና ቤት ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ባነሩን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ። ነጸብራቁን ለማስተካከል ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ነገሩን የተረዳሁት በተሳሳተ መንገድ ነበር። እናንተም ተመሳሳይ ሥራ ከያዛችሁ፣ የሚያጋጥሟችሁ ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ አዲሱ ጽሑፍ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ይመስላል

ዋናው ችግር ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

እኔ የሠራሁት ስህተት እንዲህ ነበር። በነጸብራቁ ውስጥ ያሉትን ጥቁር ፊደላት እንደ ጥቁር ቀለም ቆጠርኳቸው። በ Clone Stamp አጠፋኋቸውና አዲሶቹን ፊደላት ከላይ አስቀመጥኩ። ውጤቱ ስቲከር ሆነ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ የተቀባ ቀለም አይደለም። ከውስጥ በሚመጣው ብርሃን ላይ የሚደረብ ሌላ ብርሃን ነው። ቢጫው ሰሌዳ ብርሃን ስለሚልክ የመድኃኒት ቤቱን ውስጥ ይሸፍነዋል። ጥቁሮቹ ፊደላት ግን የሚልኩት ብርሃን የላቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በእነሱ በኩል የሚታየው የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ነው። ፎቶውን 200% አጉልታችሁ ተመልከቱ። እኔ «ቡ» ፊደል ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን ጠርዝ አይቻለሁ፣ ከፊደሉ ወጣ ሲል ካርቶኑ በቢጫ ጭጋግ ይዋጣል።

መፍትሄው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አሮጌውን ብርሃን ታነሳላችሁ፣ ከዚያ አዲሱን ትደርባላችሁ።

ለማንሳት Clone Stamp አያስፈልግም። የቢጫውን ሰሌዳ ቅርጽ ምረጡ፣ ፊደላቱን ከምርጫው አውጡ። በዚያ ምርጫ የ `Levels` ሌየር ክፈቱ። በእያንዳንዱ ቀለም ቻናል የግራውን ጥቁር መያዣ ቀስ እያላችሁ ወደ ቀኝ ግፉ። የሰሌዳው ቦታ በፊደላቱ ውስጥ ከሚታየው መደርደሪያ ጋር እኩል ሲጨልም አቁሙ። በእኔ ፎቶ በ `Info` ፓነል ላይ ፊደሉ ውስጥ 30፣ 28፣ 26 ነበር፤ ሰሌዳው ላይ 92፣ 84፣ 40። ጥቁሩ መያዣ በቀይ 70፣ በአረንጓዴ 63፣ በሰማያዊ 16 ላይ ሲደርስ ሁለቱ እኩል ሆኑ። ፊደላቱ ሟሙ፣ ከቢጫው ሥር የነበሩት ካርቶኖችም ወጡ። ይህን ሳይ በጣም ነው የተደሰትኩት፣ ምክንያቱም የወጣው በግምት የተሳለ ነገር ሳይሆን እዚያው የነበረው መደርደሪያ ነው።

የፊደላቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። እሱን ብቻ በ Healing Brush አጽዱ። ነጸብራቁ ከመጠን በላይ ደምቆ 255 የደረሰበት ቦታ ካለ ግን ከሥሩ የሚወጣ ነገር የለም። እዚያ ከሌላ ቦታ መቅዳት ግድ ነው። ፎቶው በ RAW ከተነሳ ፋይሉን በ16 ቢት ክፈቱት፣ አለዚያ ጨለማው ቦታ ይቆራረጣል።

አሁን አዲሱ ታፔላ። ፊደላቱን ብቻ ሳይሆን ሰሌዳውን በሙሉ አስገቡና ሌየሩን `Screen` አድርጉት። ነጩ ይሸፍናል፣ ቀዩ ቀይ ብርሃን ብቻ ይጨምራል። ድምቀቱን በዓይን ግምት አትወስኑ። እኔ ከታፔላው አጠገብ ያለውን ነጭ ግድግዳ ተጠቀምኩ። መስታወቱ ውስጥ፣ ኋላው ጨለማ በሆነበት ቦታ ስለካው 88፣ 94፣ 86 ሆነ። መስታወቱ ትንሽ አረንጓዴ ስለሆነ ነው። በአዲሱ ታፔላ ሌየር ላይ ብቻ የሚሠራ `Levels` አስቀምጡና የታችኛውን ነጭ መያዣ፣ `Output Levels` የሚለውን፣ በየቻናሉ ወደነዚህ ቁጥሮች አውርዱ። ነጩ ሰሌዳ ከነጩ ግድግዳ ጋር ተስማማ።

ምልክት፦ ጽሑፉ የተገለበጠ ይመስላል፣ ግን የሆነ ነገር ቅር ይላል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፊደላቱን በተቃራኒ ቅደም ተከተል ጽፎ እያንዳንዱን ፊደል አለመገልበጥ ነው። «ትቤ ቦዳ» ብሎ መጻፍ ነጸብራቅ አይደለም። እንደ «በ» ያለ ፊደል ቢገለበጥም ባይገለበጥም ያው ስለሚመስል ዓይን ይታለላል። የሚያጋልጠው የአናባቢ ምልክቱ ነው። «ቤ» ከቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት አለው። በነጸብራቅ ውስጥ ቀለበቱ ወደ ግራ መዞር አለበት። ሙሉውን ታፔላ በ `Flip Horizontal` ገልብጡ፣ ከዚያ «ቤ»ን ፈልጋችሁ አረጋግጡ።

ምልክት፦ ቦታው ልክ ነው፣ ጽሑፉ ግን የተጨመቀ ይመስላል

ፎቶው ላይ ካለው ታፔላ ቀድታችሁ ገልብጣችሁ ነው የለጠፋችሁት። መንገዱ 12 ሜትር ይሁንና እኔ መሃል ቆሜያለሁ እንበል። በቀጥታ ሳየው ከታፔላው ግድግዳ የምርቀው በጎን 6 ሜትር ነው። በመስታወቱ በኩል ግን ብርሃኑ ወደ መስታወቱ 6፣ ከዚያ መንገዱን ሙሉ 12 ስለሚያቋርጥ 18 ሜትር ርቄ እንዳየሁት ይቆጠራል። ስለዚህ ነጸብራቁ ከቀጥታው ያነሰ ነው፣ ግን ይበልጥ ፊት ለፊት ይታያል። የታፔላውን ንድፍ ፋይል ከሠራው ሰው ተቀበሉ፣ ገልብጡት፣ ከዚያ በ `Distort` አራቱን ማዕዘኖች በአሮጌው ሰሌዳ ነጸብራቅ ማዕዘኖች ላይ አሳርፉ። ለዚህ ሲባል አሮጌውን ከማንሳታችሁ በፊት ማዕዘኖቹን በመስመር ምልክት አድርጉባቸው። እኔ ይህን ዘንግቼ ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ ነበረብኝ።

ፊደላቱ ከሰሌዳው የወጡ፣ ውፍረት ያላቸው ከሆኑ ይህ አይበቃም። በነጸብራቁ የሚታየው የውፍረታቸው ስፋት በቀጥታ ከሚታየው ይለያል፣ ለብቻው መሣል አለበት።

ምልክት፦ መስመሩ በጣም ቀጥ ያለና የጠራ ነው

መድኃኒት ቤቱ መስታወት በአልሙኒየም ፍሬም ለሦስት የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ መስታወት በጥቂቱ የተለየ ዘመማ ስላለው ነጸብራቁ ፍሬሙ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። የፎቅ ጠርዝ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ነጸብራቅ ፈልጉና ስንት ፒክስል እንደዘለለ እዩ። በእኔ ፎቶ 4 ፒክስል ነበር። ታፔላውን በየመስታወቱ በማስክ ቆርጣችሁ ያን ያህል አንሱት ወይም ዝቅ አድርጉት።

ለጥራቱም መመሪያው ያው አሮጌው ነጸብራቅ ነው። የአሮጌው ፊደል ጠርዝ በ3 ፒክስል ውስጥ ከጥቁር ወደ ቢጫ ከተሻገረ፣ አዲሱም እንዲሁ እስኪሆን `Gaussian Blur` ስጡት፣ ከዚያ በፎቶው ልክ ጥቂት `Noise` ጨምሩ።

እኔ ከዚያ በኋላ ባነሩ ከመታተሙ በፊት አጠገቡ የቆመችውን ባጃጅ የፊት መስታወትም አጉልቼ አየሁ። እዚያም ትንሽ ቢጫ ነበረች።