የፕሪንተር ካርትሪጅን በፎቶ ለይተው ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፕሪንተር ቀለም ያለቀበት ሰው ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ካርትሪጁን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለነጋዴ ወይም ውጭ አገር ላለ ዘመድ መላክ ነው። መንገዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፎቶው የሚነግረውና የማይነግረው ነገር ተለይቶ ካልታወቀ ገንዘብ ያስከፍላል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ስህተቶች አንድ ጥቁርና አንድ ባለሦስት ቀለም ካርትሪጅ የሚይዙትን አነስተኛ የኤችፒ ዴስክጄት ፕሪንተሮች፣ በተለይም ዴስክጄት 2130ን የሚመለከቱ ናቸው። በእነዚህ ፕሪንተሮች ቀለሙን በወረቀት ላይ የሚረጨው ሄድ የሚገኘው በማሽኑ ውስጥ ሳይሆን በራሱ በካርትሪጁ ሥር ነው። ኦርጅናል ልግዛ፣ ኮምፓቲብል ልሞክር ወይስ ላስሞላ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ አሠራር ነው።

የካርትሪጁን ቅርጽ እንጂ ጽሑፉን አለማንሳት

ለነጋዴዎች ከሚላኩት ፎቶዎች ብዙዎቹ የካርትሪጁን ጥቁር ፕላስቲክ ወይም የመዳብ ነጥቦች ያሉበትን ጎን የሚያሳዩ ናቸው። ቅርጽ ግን ምንም አይለይም። 63፣ 123፣ 302 እና 652 የሚሉ ቁጥሮች የተጻፈባቸው የኤችፒ ካርትሪጆች ጎን ለጎን ቢቀመጡና ተለጣፊያቸው ቢነሳ በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራሉ፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ስለዚህ «ይኸው ራሱ ነው» የሚል መልስ ቅርጽን ብቻ አይቶ የተሰጠ ከሆነ ዋጋ የለውም።

የሚያስፈልጉት ፎቶዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በካርትሪጁ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በቅርበት የሚያሳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የካርትሪጁ በር ሲከፈት በውስጥ በኩል የሚታየውንና ማሽኑ የሚቀበለውን ቁጥር የሚገልጸውን ምልክት የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው በፕሪንተሩ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስም ከነቁጥሩ መያዝ አለበት። ተለጣፊው የሚያብረቀርቅ ስለሆነ የስልኩን ፍላሽ አጥፍቶ፣ በመስኮት አጠገብ፣ ካርትሪጁን ትንሽ አዘንብሎ ማንሳት ይሻላል። ኤችፒ ካርትሪጅ ከማሽኑ ውጭ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይሸፈን እንዳይቆይ ያሳስባል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ በሄዱ ቀዳዳዎች ላይ ያለው ቀለም ሊደርቅ ይችላልና ፎቶው እንደተነሳ ካርትሪጁን ወደ ቦታው መመለስ ይገባል። መዳቡንና የሄዱን ሥር በጣት አለመንካትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ፎቶው ጥርት ብሎ ቢወጣም የተሳሳተው ቁጥር ሊነበብ ይችላል። በካርትሪጁ ላይ የሚታየው ረጅም ቁጥር አንዳንድ ጊዜ የዋስትና ማብቂያ ቀን ነው። በፕሪንተሩ ጀርባ ያለው «Regulatory Model Number» የሚለው ደግሞ ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች የተሰጠ መለያ ስለሆነ ካርትሪጅ ለመፈለግ አይጠቅምም። በተለጣፊው ላይ «SETUP» የሚል ከተጻፈ ካርትሪጁ ከአዲስ ማሽን ጋር የመጣ ነው ማለት ነው፤ «Instant Ink» የሚል ከሆነ ደግሞ የሚሠራው ለኤችፒ ወርሃዊ ክፍያ በሚፈጸምበት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሁለተኛውን በርካሽ አግኝቶ የገዛ ሰው በቀለም የተሞላ ነገር ግን የማይታተምበት ዕቃ ይዞ ይቀራል።

በፕሪንተሩ ስም ብቻ ፈልጎ መግዛት

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው በውጭ አገር ባሉ ዘመዶቻቸው በኩል ቀለም የሚያስመጡ ሰዎችን ነው። ኤችፒ ለአንድ ዓይነት ማሽን በየክፍለ ዓለሙ የተለያየ ቁጥር ያለው ካርትሪጅ ይሸጣል፤ ማሽኑም የሚቀበለው ለተሸጠበት አካባቢ የተሠራውን ነው። ዴስክጄት 2130ን ብንወስድ፣ በአሜሪካ የተሸጠው 63 ቁጥርን፣ በምዕራብ አውሮፓ የተሸጠው 302ን፣ ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ የተላከው ደግሞ 123ን ይጠቀማል።

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ማሽን ያለው ሰው ሜሪላንድ ላለች እህቱ የፕሪንተሩን ፊት ብቻ አንስቶ ላከ እንበል። እሷም «ዴስክጄት 2130» ብላ በአሜሪካ ሱቅ ስትፈልግ የምታገኘው 63 ቁጥርን ነው፤ ሱቁም ከማሽኑ ጋር እንደሚስማማ ይገልጻል፣ አልዋሸምም። ካርትሪጁ በሰው እጅ መጥቶ ሲገባ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ግን አልቀበልም የሚል መልእክት ያወጣል። ወንድምየው ዕቃው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል፣ ችግሩ ግን የአካባቢ ልዩነት ነው። በሩን ከፍቶ የውስጡን ምልክት አንስቶ ቢሆን ኖሮ 123 የሚለው ይታይ ነበር። ከዚህም የበለጠ አስተማማኝ የሚሆነው በማሸጊያው ካርቶን ላይ ያለው የምርት ኮድ ነው፤ የ123 ጥቁር F6V17AE፣ ባለሦስት ቀለሙ F6V16AE ሲሆን፣ የአሜሪካው 63 ጥቁር ደግሞ F6U62AN ነው። ሁለቱ በማለቂያ ፊደሎቻቸው እንኳ ይለያያሉ።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ 2130 የሚፈልገው 63 ቁጥርን ስለሆነ፣ እዚህ የተገዛ 123ን አይቀበልም። እንዲሁም 2130 እና 2135 የሚባሉት ማሽኖች በመልክ ቢመሳሰሉም 2135 «Ink Advantage» ከሚባለው ወገን ነው፤ የሚጠቀመውም 652 ቁጥርን ነው። በስም ውስጥ ያለች አንዲት አኃዝ ይህን ያህል ልዩነት ታመጣለች።

የካርትሪጁን ዋጋ እንጂ የገጹን ዋጋ አለማየት

ኤችፒ የ123 ጥቁር ካርትሪጅ ወደ 120 ገጽ፣ 123XL የሚባለው ደግሞ ወደ 480 ገጽ ያትማል ይላል። ቁጥሮቹ በተወሰነ የመለኪያ ጽሑፍ የተገኙ ናቸው፤ ፎቶ ወይም ደማቅ ሠንጠረዥ የሚያትም ሰው ያን ያህል አያገኝም። ንጽጽሩ ግን ያገለግላል፤ የXL ዋጋ ከመደበኛው አራት እጥፍ በታች እስከሆነ ድረስ በገጽ ሲሰላ XL ይረክሳል። ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ ይሠራሉ። ቀለሙ አልቆ እየተቻኮሉ ያገኙትን መግዛትም አያስፈልግም፤ በእነዚህ ማሽኖች ያለቀውን ካርትሪጅ አውጥቶ በቀረው ብቻ ማተም ይቻላልና፣ ባለሦስት ቀለሙ ያለቀበት ሰው ትክክለኛው እስኪገኝ ድረስ በጥቁሩ ሥራውን መቀጠል ይችላል።

ኮምፓቲብል የሚባለውን ሁሉ እንደ አንድ ነገር መቁጠር

ሄዱ በማሽኑ ውስጥ ባለባቸው ፕሪንተሮች ካርትሪጁ ቺፕ ያለው የቀለም ዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፓቲብል የሚባለው በሌላ አምራች እንደ አዲስ የተሠራ ዕቃ ሊሆን ይችላል። 123ን ለሚመስሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሄዱን ከነኤሌክትሮኒክሱ መሥራት ቀላል ስላልሆነ፣ በዚህ ስም የሚሸጠው በአብዛኛው ሰው ተጠቅሞበት የጣለው ኦርጅናል ካርትሪጅ ታጥቦ፣ ተሞልቶና አዲስ ተለጣፊ ተለጥፎበት የመጣ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጥራቱ የሚወሰነው ግን ያ ሄድ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደሠራና በደረቁ ሠርቶ እንደሆነ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ፎቶ አያሳይም። በመሆኑም ሻጩን መጠየቅ የሚገባው «ጥሩ ነው ወይ» ተብሎ ሳይሆን «ማሽኑ ላይ ተሞክሮ፣ የሙከራ ገጽ ታትሞ መውሰድ እችላለሁ ወይ» ተብሎ ነው። በሙከራው ገጽ ላይ በቀለሞቹ መካከል ነጫጭ ሰረዞች ከታዩ አለመግዛት ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ካርትሪጅ በኦርጅናል ካርቶን ታሽጎ በኦርጅናል ዋጋ ሲሸጥ ግን ማታለል ነው። የሚታወቀው ሲገባ ነው፤ ማሽኑ ወይም ኮምፒውተሩ ካርትሪጁ ከዚህ በፊት አገልግሎት ላይ የዋለ፣ የተሞላ ወይም አስመስሎ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ያወጣል። ኮምፓቲብል መሆኑን አውቆ ለገዛ ሰው ይህ መልእክት አያስደነግጥም፣ ተቀብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ኦርጅናል ብሎ ለገዛ ሰው ግን ዕቃውን ለመመለስ የሚያስችል ማስረጃ ነውና ፎቶ ሊነሳ ይገባዋል። ማሽኑ ካርትሪጁ በሌላ ፕሪንተር የተቆለፈ ነው ካለ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የካርትሪጅ ጥበቃ የሚባለውን ምርጫ አብርቶ ነበር ማለት ነው፤ ያ ካርትሪጅ በእርስዎ ማሽን ላይ አይሠራም።

ጨርሶ እስኪደርቅ ጠብቆ ማስሞላት

ሪፊል ከሁሉም ርካሹ መንገድ ሲሆን በብዛት የሚከሽፈው ዘግይቶ ስለሚደረግ ነው። እነዚህ ሄዶች ቀለሙን የሚረጩት በጥቃቅን ማሞቂያዎች አፍልተው ነው፤ ቀለሙ ራሱ ማሞቂያውን ያቀዘቅዘዋል። ቀለም ሳይኖር ማተም የቀጠለ ሰው ማሞቂያዎቹን ያቃጥላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የቱንም ያህል ቢሞላ አይመለሱም። ስለዚህ ጽሑፉ መደብዘዝ እንደጀመረ ማቆምና በዚያው ቀን ማስሞላት ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የቀለሙ ዓይነት ነው። የ123 ጥቁር ቀለም ደቃቅ ብናኝ ያለበት፣ በወረቀቱ ላይ ተቀምጦ የሚደርቅና ውኃን የሚቋቋም ሲሆን፣ የባለሦስት ቀለሙ ግን ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ዓይነት ነው። በጥቁሩ ውስጥ የሚሟሟው ቀለም ቢሞላ ማተሙን ያትማል፤ ሰነዱ ግን እርጥብ እጅ ሲነካው ይዘባረቃል፣ ይህም ለውልና ለማመልከቻ አይሆንም። ብናኝ ያለው ቀለም በባለሦስቱ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ባለሦስት ቀለሙን የሚሞላ ሰው ከተለጣፊው ሥር በሚገኙት ቀዳዳዎች ነጭ የጥርስ እንጨት አስገብቶ የትኛው ክፍል የትኛውን ቀለም እንደያዘ ሳያይ መርፌ ማስገባት የለበትም፤ ቀለሙንም ቀስ ብሎ እየጨመረ፣ በቀዳዳው በኩል ብቅ ሲል ማቆም አለበት።

ከሞላ በኋላ ሄዱን በእርጥብ ሶፍት ላይ ለአፍታ ማሳረፍ ብዙ ነገር ይናገራል። ጥቁሩ አንድ፣ ባለሦስቱ ደግሞ ሦስት ጥርት ያሉ መስመሮች ካልተዉ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፤ በለብ ያለ የተጣራ ውኃ እርጥብ ሶፍት ላይ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት አንዳንዴ ይከፍታቸዋል። መስመሮቹ በሶፍቱ ላይ ሙሉ ሆነው ሳለ በታተመው ገጽ ላይ ግን ነጭ ሰረዝ ከታየ፣ መዳቡን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ መሞከር የመጨረሻው ዕድል ነው፤ ካልተስተካከለ ማሞቂያው ተቃጥሏል፣ ካርትሪጁም ዳግመኛ አይሞላም። የቀለም መጠን አመልካቹ ባዶ ማለቱን ቢቀጥል ግን ይህ ብልሽት አይደለም፤ ማሽኑ የሚያስታውሰው በመጀመሪያ የነበረውን ቀለም ስለሆነ አዲሱን አይቆጥርም፤ ተጠቃሚው መልእክቱን ተቀብሎ እያለፈ የቀለሙን ማለቅ ከራሱ ከታተመው ገጽ መከታተል ይኖርበታል።