ዌቢናር ላይ ተሳታፊዎች በተሳሳተ ሰዓት ሲገቡ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

በተለያዩ አገሮች ላሉ ሰዎች ዌቢናር ሲዘጋጅ የሰዓት ስህተት የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ነው። ከፊሉ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፣ ከፊሉ ሊያልቅ ሲል ይደርሳል፣ የቀረው ደግሞ «ሊንኩ አይሠራም» ብሎ ይጽፋል። አዘጋጁም ወዲያው ሊንኩን መፈተሽ ይጀምራል። ከሊንኩ በፊት ግን የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ሰዎቹ በስንት ሰዓት ነው የተሳሳቱት? የልዩነቱ መጠን ብቻ ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ያሳያል። የአንድ ሰዓት ልዩነት፣ የብዙ ሰዓት ልዩነት፣ የግማሽ ሰዓት ልዩነትና የአንድ ቀን ልዩነት መነሻቸው የተለያየ ነው።

ስለዚህ ከተሳሳቱት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ምረጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ከተማ ናችሁ? ካላንደራችሁ ላይ ስንት ሰዓት ይላል? ሰዓቱን ያገኛችሁት ከካላንደር ግብዣው ነው ወይስ ከማስታወቂያው? የስክሪን ፎቶ ከላኩላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሰው ሰዓት ሲያስተላልፍ በራሱ አስልቶ መንገር ይቀናዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀኖቹም በጎርጎርዮሳዊው ካላንደር የተጻፉ ናቸው።

ምልክት፦ የአንድ አገር ሰዎች በሙሉ በአንድ ሰዓት ተሳስተዋል፤ ባለፈው ሳምንት ግን ችግር አልነበረም

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። ምክንያቱ አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞሩ መሆናቸው፣ የሚያዞሩበትም ቀን አንድ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን ወደፊት ታደርጋለች። እንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን እስከ ማርች የመጨረሻው እሑድ ይቆያሉ። በ2026 እነዚህ ቀኖች ማርች 8 እና ማርች 29 ናቸው። በመካከል ባሉት ሦስት ሳምንታት በኒው ዮርክና በለንደን መካከል ያለው ልዩነት ከአምስት ሰዓት ወደ አራት ይወርዳል። ኬንያና ሕንድ ደግሞ ሰዓታቸውን ጨርሶ አያዞሩም።

በምሳሌ እንየው። አዘጋጁ ኒው ዮርክ ነው፤ ዌቢናሩ ሐሙስ ሐሙስ በኒው ዮርክ 10:00 ይካሄዳል። ተሳታፊዎቹ ለንደን፣ ናይሮቢና ዴልሂ አሉ።

| ቀን (2026) | ኒው ዮርክ | ለንደን | ናይሮቢ | ዴልሂ |
|---|---|---|---|---|
| ማርች 5 | 10:00 | 15:00 | 18:00 | 20:30 |
| ማርች 12 | 10:00 | 14:00 | 17:00 | 19:30 |
| ማርች 26 | 10:00 | 14:00 | 17:00 | 19:30 |
| ኤፕሪል 2 | 10:00 | 15:00 | 17:00 | 19:30 |

ማስታወቂያው ላይ «በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ለንደን 15:00፣ ናይሮቢ 18:00» ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያው ክፍል ያለችግር ያልፋል። ማርች 12 ላይ የለንደኑም የናይሮቢውም ተሳታፊ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይገባል። ኤፕሪል 2 ላይ የለንደኑ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ይስተካከላል፣ የናይሮቢው ግን እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እንደተሳሳተ ይቆያል። አዘጋጁን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው፤ ግማሹ ቅሬታ በራሱ ሲጠፋ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የካላንደር ግብዣውን የተቀበሉት በሰዓቱ ገብተው፣ ከማስታወቂያው ላይ ያነበቡት ብቻ ከዘገዩ ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው። ካላንደሩ ቀጠሮውን በአዘጋጁ ከተማ ሰዓት ስለሚይዘው ለውጡን ራሱ ያሰላል፤ የታተመ ጽሑፍ ግን አያሰላም።

መፍትሄው ሰዓቱ ለማን እንደማይለወጥ አስቀድሞ መወሰን ነው። ለሁሉም ቋሚ የሚሆን ሰዓት የለም፤ አንዱ ወገን መነካቱ አይቀርም። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሰዓት በማያዞሩ አገሮች ካሉ፣ ተደጋጋሚውን ቀጠሮ ስትፈጥሩ የሰዓት ሰቁን ከእነሱ ከተሞች የአንዱን አድርጉት፤ ለምሳሌ በ`Africa/Nairobi`። ያኔ ናይሮቢና ዴልሂ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታቸው አይነካም፣ የሚለወጥባቸው አዘጋጁ ራሱና የለንደን ተሳታፊዎች ይሆናሉ። በእኔ እይታ ሸክሙን ከብዙ ሰው ይልቅ ጥቂት ሰው ቢሸከመው ይሻላል። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ «በየሳምንቱ» የምትለው ቃል ትቅርና እያንዳንዱ ክፍል ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለብቻው ይጻፍ።

በመጸው ወራት ክፍተቱ አጭር ነው፦ በ2026 አውሮፓ ኦክቶበር 25፣ አሜሪካ ኖቬምበር 1 ሰዓታቸውን ይመልሳሉ። ከሲድኒ ተሳታፊ ካለ ግን በደንብ አስቡበት። እዚያ ወቅቱ ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ወደፊት ሲሄድ ሌላው ወደኋላ ይመለሳል፤ ሲድኒ ኒው ዮርክን በ16 ሰዓት ስትቀድም ከርማ ከኤፕሪል መጀመሪያው እሑድ በኋላ የምትቀድመው በ14 ብቻ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ሰው ካላንደሩ ላይ «10:00» ያያል፣ የትም አገር ቢሆን

ለምሳሌ ማርች 12 ላይ የለንደኑ ሰው አራት ሰዓት፣ የናይሮቢው ሰባት ሰዓት፣ የዴልሂው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ይገባል፤ እያንዳንዱ የሚሳሳተው የእሱ ከተማ ከኒው ዮርክ በሚለይበት መጠን ነው። ምክንያቱ የካላንደር ግብዣውን ይዞ የተላከው የ`.ics` ፋይል የሰዓት ሰቅ የሌለው መሆኑ ነው። ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱትና `DTSTART` የሚለውን መስመር ፈልጉ።

```
DTSTART:20260312T100000
```

ከሰዓቱ በኋላም ሆነ በፊት ምንም ምልክት ከሌለ፣ የተቀባዩ ካላንደር «ይህ ባለህበት አገር 10:00 ነው» ብሎ ይረዳዋል። ትክክለኛው ከሚከተሉት አንዱ ነው፦

```
DTSTART;TZID=America/New_York:20260312T100000
DTSTART:20260312T140000Z
```

የመጀመሪያው ከተማውን ይጠቅሳል፤ ፋይሉ ውስጥ ለዚያ ከተማ `VTIMEZONE` የሚባለው ክፍልም መኖር አለበት። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ያለችው `Z` ሰዓቱ በUTC፣ የየአገሩ ሰዓት በሚለካበት የጋራ መነሻ ሰዓት፣ መሆኑን ትናገራለች፤ ለአንድ ጊዜ ዝግጅት ምንም አይወጣለትም። የሚያሳስተው `100000Z` ብሎ መጻፍ ነው፦ የኒው ዮርኩን 10:00 ወስዶ ሳያሰሉ `Z` መለጠፍ። ይህን ከፊተኛው የምትለዩት እንዲህ ነው፤ ያኛው ለሁሉም አንድ ቁጥር ያሳያል፣ ይሄኛው ግን ሁሉንም እኩል በአራት ሰዓት ያስቀድማል፦ ኒው ዮርክ 06:00፣ ናይሮቢ 13:00።

አርማችሁ ስትልኩ አዲስ ፋይል አትፍጠሩ። `UID` የሚለው መስመር እንደነበረ ይቆይ፣ `SEQUENCE` በአንድ ይጨምር። `UID` ከተለወጠ ተቀባዩ ላይ ሁለት ቀጠሮ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ የትኛው ትክክል እንደሆነም አያውቅም።

ምልክት፦ የአንድ ሰዓት ስህተት፣ ግን ሰዓት በማይዞርበት ወር፣ በጁላይ

ይህ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል፣ መነሻው ግን ሌላ ነው። አዘጋጁ ማስታወቂያው ላይ `10:00 EST` ብሎ ጽፏል። `EST` ኒው ዮርክ ከኖቬምበር እስከ ማርች የምትጠቀምበት ሰዓት መጠሪያ ሲሆን ከUTC በአምስት ሰዓት ወደኋላ ነው። በጁላይ ኒው ዮርክ ያለችው በ`EDT` ነው፣ በአራት ሰዓት ወደኋላ። የተጻፈውን እንደወረደ ያሰላ ሰው 15:00 UTC ያገኛል፤ ዌቢናሩ ግን የተጀመረው 14:00 UTC ላይ ነው። የሚገርመው፣ የሚሳሳተው በጥንቃቄ ያሰላው ሰው መሆኑ ነው።

ሌሎቹ ምህጻሮች ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። `CST` የመካከለኛው አሜሪካም የቻይናም ነው፤ `IST` የሕንድም የእስራኤልም የአየርላንድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በምህጻር ፋንታ የከተማ ስም ጻፉ። «10:00 በኒው ዮርክ ሰዓት» ክረምትም በጋም ትክክል ነው።

ምልክት፦ የግማሽ ሰዓት ወይም የአንድ ቀን ስህተት

ግማሽ ሰዓት ከሆነ አንድ ሰው በጣቱ ቆጥሯል ማለት ነው። ሕንድ ከUTC በ5:30፣ ኔፓል በ5:45 ትቀድማለች፤ ሙሉ ሰዓት ብቻ የሚደምር ሰው ይስታቸዋል። የአንድ ቀን ስህተት ሲመጣ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይሆናል። ማርች 12 ሐሙስ በኒው ዮርክ 18:00 ማለት ሲድኒ ላይ ማርች 13 ዓርብ 09:00 ነው፤ እንዲህ ሲሆን ከሰዓቱ ጎን ቀኑም ይደገም። የምዝገባ መዝጊያን ደግሞ 00:00 አታድርጉት፤ ያለፈው ሌሊት ይሁን የሚመጣው አይታወቅም። 23:59 ብላችሁ ከተማውን ጥቀሱ።

ከመላኩ በፊት

የሊኑክስ ተርሚናል ያለው ሰው እያንዳንዱን ከተማ በአንድ መስመር ያረጋግጣል፦

```
TZ="Europe/London" date -d 'TZ="America/New_York" 2026-03-12 10:00'
```

መልሱ 14:00 መሆን አለበት። ቀኑን ወደ 2026-04-02 ብትለውጡት 15:00 ይላል። ተርሚናል የሌለው ሰው ግብዣውን ለራሱ ልኮ፣ የስልኩን የሰዓት ሰቅ በእጁ ወደ ዴልሂ ቀይሮ ቀጠሮውን ይክፈተው። 19:30 ካላየ ግብዣው ለሰው አይላክ። ሲጨርስ ሰቁን ወደ አውቶማቲክ ይመልሰው።

ማስታወቂያው ላይ ከከተሞቹ ዝርዝር በታች «14:00 UTC» የሚል መስመር ጨምሩ። ብዙ ሰው አያነበውም፤ የሚጠቅመው የስልክ ስሌት ራሱ ሲሳሳት ነው። መንግሥታት ሰዓት የማዞሪያውን ቀን ጥቂት ቀን ሲቀረው የሚለውጡበት ጊዜ አለ። ሊባኖስ በማርች 2023 ለውጡን ለማዘግየት ወስና በቀናት ውስጥ ውሳኔዋን ስትሽር፣ አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት ታይቷል። ስልኮች ደንቡን የሚያውቁት ከተጫነባቸው የሰዓት ሰቅ መረጃ ነው፤ አዲሱ መረጃ እስኪደርሳቸው ድረስ አሮጌውን ያሳያሉ። ከእንዲህ ያለ አገር ተሳታፊ ካላችሁ ዌቢናሩ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ለእነሱ ብቻ አጭር መልእክት ላኩ፣ የUTCውን ሰዓትና በዚያ ሳምንት አገራቸው ከUTC በስንት እንደምትቀድም ጻፉላቸው።