በቴሌግራም ስልክ ሲገዙ ቀብድና ክፍያ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ያገለገለ ስልክ በ18,000 ብር አገኙ እንበል። ሻጩ «ጠያቂው ብዙ ነው፤ 3,000 ብር ቀብድ ላክና ላስቀምጥልህ» ይላል።

የተቀባዩን ስም ሳያዩ ማለፍ

ቴሌብር ላይ ፒን ከመምታትዎ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ የንግድ ባንክ መተግበሪያም እንዲሁ ያሳያል። ብዙ ሰው በችኮላ ያልፈዋል። መጀመሪያ ሻጩን «ሂሳቡ በማን ስም ነው?» ብለው ይጠይቁት፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ከመጣው ስም ጋር ያስተያዩ። ያዩትን ስም ቀድመው ከነገሩት «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት ለማንም ቀላል ነው። «የእህቴ ሂሳብ ነው» ካለ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ነገ ክስ ቢመጣ እጅዎ ላይ ያለው የማያውቋት ሴት ስም ብቻ ነው። ያኔ አለመላክ ይሻላል።

ቀብዱን ያለ ጽሑፍ መላክ

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ስልኩን አይተው ሐሳብዎን ቢቀይሩ ሻጩ 3,000 ብሩን አልመልስም ሊል ይችላል። ከመላክዎ በፊት እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «3,000 ብር ቀብድ፣ ከ18,000 ላይ የሚታሰብ። ስልኩ ያልከው ሞዴልና 128 ጂቢ ካልሆነ፣ ወይም የስልኩ መለያ የሆነው የአይኤምኢአይ ቁጥር አስቀድመህ ከላክህልኝ ከተለየ፣ ቀብዱ ይመለሳል።» «እሺ» ብሎ በጽሑፍ ካልመለሰ አይላኩ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ ንግግሩን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል፣ የተጠቃሚ ስሙና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው ወዲያው ስክሪንሾት ያንሱ። ሁለታችሁም አንድ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ግን ቀብድ ለምን ያስፈልጋል? ሄዶ አይቶ መክፈል ይቀላል።

ስክሪንሾትን እንደ ደረሰኝ መቁጠር

የክፍያ ስክሪንሾት በደቂቃ ውስጥ ተቀይሮ ሊሠራ ስለሚችል፣ ሻጩ «አልደረሰኝም» ካለ ብቻውን አይረዳዎትም። የሚያስፈልገው የግብይት ቁጥሩ ነው፤ የንግድ ባንክ በFT ይጀምራል፣ የቴሌብር ደግሞ በአጭር መልእክቱ ውስጥ ይገኛል። መልእክቱን አያጥፉት። በውስጡ የደረሰኝ ሊንክ ካለ ከፍተው ደረሰኙን ያስቀምጡ። ቁጥሩን ለሻጩ ጽፈው «ደርሶኛል» ያሰኙት።

ዕቃው ሳይፈተሽ ቀሪውን መክፈል

ስልኩን ያመጣው ሞተረኛ በር ላይ ቆሞ ቢያስቸኩልዎም ስልኩን አብርተው *#06# ይደውሉ፤ የሚመጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱንም ይዩ። ቀሪውን 15,000 ብር ቀብዱን ወደላኩበት ሂሳብ ብቻ ይላኩ። ሞተረኛው በሚሰጥዎ አዲስ ቁጥር ከላኩ ሻጩ «እኔ አልተቀበልኩም» ማለት ይችላል።

ለ«ተመላሽ» ኮድ መስጠት

«ገንዘብህን እንድመልስልህ የመጣልህን ኮድ ላክልኝ» ቢሉዎ አይስጡ፤ ገንዘብ ለመቀበል ፒንም ሆነ በአጭር መልእክት የመጣ ኮድ አያስፈልግም። ሰጥተው ከሆነ ፒኑን ወዲያው ቀይረው ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ይደውሉ።