በአንድ ቃል ብቻ የሚያልቅ ፒኦቪ እንዴት ይቀረፃል?

ፒኦቪ በሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ላይ ካሜራው የተመልካቹ ዓይን ነው። ተመልካቹ ድራማውን ከውጭ አያየውም፤ መሀሉ ገብቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ስልኩን የያዘው ሰው ትንፍሽ አይልም። ድምፁ ከተሰማ ተመልካቹ "ይሄ እኔ አይደለሁም" ይልና ነገሩ እዚያው ይፈርሳል።

ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት የቀረፅነውን ልንገራችሁ። ሐምሌ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ምሳ በልታችሁ፣ ጠግባችሁ አክስታችሁን ልትጠይቁ ጎራ ብላችኋል። ከዚያ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አክስትየዋን አክስቴ እቴቴ ራሳቸው ተጫወቱልኝ።

1. ንግግሩን መቀነስ

መጀመሪያ የፃፍኩት ላይ "ምነው ጠፋህ"፣ "ከስተሃል"፣ "እናትህ ደህና ናት" የሚል ሁሉ ነበረበት። ተቀርፆ ሲታይ እቴቴ ከሌላ ሰው ጋር የሚያወሩ መሰለ። ጥያቄ ሲበዛ ተመልካቹ መልስ ይጠብቃል፤ እሱ ደግሞ መናገር አይችልም። ሁሉንም ሰረዝኩና "በሞቴ" ብቻ ቀረ። ሦስት ጊዜ ይባላል፦ አንዴ በፈገግታ፣ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በለሆሳስ። ለ"በሞቴ" መልስ መስጠት አያስፈልግም፤ መብላት ብቻ ነው።

2. ስልኩን መያዝ

ስልኩን በግራ እጃችሁ ቁመቱን ይዛችሁ ከዓይናችሁ ፊት አድርጉት። ቀኝ እጃችሁ ነፃ ይሁን፤ በሩን የሚያንኳኳው፣ እንጀራውን የሚቆርሰው እሱ ነው። የኋላውን ካሜራ 1x ላይ አድርጉት። 0.5x ላይ ሰው ቀረብ ሲል ፊቱ ይለጠጣል፣ እጁም አካፋ ያክላል።

የሚጫወተው ሰው ሌንሱን ነው ማየት ያለበት። እቴቴ ግን ከስልኩ በላይ ግንባሬን ያዩ ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ዓይናቸው ከተመልካቹ ራስ በላይ ያለ ነገር የሚያይ ይመስላል። ስልኩ ብዙ ሌንስ ካለው በጣታችሁ አንድ በአንድ ሸፍኑ። ስክሪኑ የጨለመበት ትክክለኛው ነው። አጠገቡ ትንሽ ቀይ ፕላስተር ለጥፉና "እዚህ ጋ እይልኝ" በሉ።

3. ትዕይንቶቹ

እጅ ያንኳኳል፤ በሩ ይከፈታል፤ የእቴቴ ፊት ይበራል። ከዚያ ጋቢ ያለብሷችኋል። ጋቢውን ሌንሱ ላይ ለአፍታ አሳልፉት፤ ስክሪኑ ነጭ ሲሆን ቆርጣችሁ ወደ ማዕዱ ግቡ። መቆራረጡ አይታወቅም፤ የጋቢው ጥለትም ከታች በኩል እንደታየ ይቆይ።

አንዴ ትቆርሳላችሁ። ከዚያ መዳፋችሁን ሳህኑ ላይ ትዘረጋላችሁ፤ "በቃኝ" ማለት ነው። "በሞቴ!" የመጀመሪያው።

ጉርሻው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እጁ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ከመጣ ዓይን ውስጥ የተጎረሰ ይመስላል። አፍ ያለው ከዓይን በታች ነው፤ እጁ ወደ ስክሪኑ ግርጌ መጥቶ እዚያው ይጥፋ። በዚያው ቅፅበት ስልኩን ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አድርጉት። ሁለተኛው "በሞቴ" እዚህ ጋ ነው፣ ቆጣ ተብሎ።

አሁን እርዳታ ፍለጋ ካሜራውን ቀስ አድርጋችሁ ጥግ ወደተቀመጠው ልጅ አዙሩ። ያያችኋል። ከዚያ አቀርቅሮ የራሱን ሳህን ማየት ይጀምራል። ለኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፤ እዚያ ጥግ ያልተቀመጠ ማን አለ?

ስትመለሱ ሌላ እንጀራ ሳህኑ ላይ እየተዘረጋ ነው።

4. ብርድና ዝናብ

ከውጭ ቀዝቃዛ ስልክ ይዛችሁ ወጥ ወደሚንተከተክበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ያበላሸብን ይሄ ነው። ስትጠርጉት ተመልሶ ይለብሳል፤ ስልኩ ከቤቱ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ጠብቁ። እንፋሎት ያለውን ሳህን ደግሞ ከሌንሱ ስር አታድርጉ፣ ገፋ ይበል።

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለሆሳሱ "በሞቴ" አይሰማም። ሲያባራ ስልኩን ወደ እቴቴ አፍ አስጠግታችሁ ድምፁን ብቻ ቅዱና ኤዲት ስታደርጉ አስገቡት። የዝናቡን ድምፅ ግን አታጥፉት፣ ዝቅ አድርጉት። ሐምሌ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው።

5. መቁረጥ

ጠቅላላው ከ35 ሰከንድ አይለፍ። መጀመሪያው ላይ "ጠግበህ አክስትህ ቤት ስትሄድ" ብላችሁ ፃፉ። ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ ላላየው ሰው አሳዩት። ምን እንደተፈጠረ ካልነገራችሁ የጎደለው ንግግር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው መልስ አልሰጠም፤ እምቢ ሲል አልሸሸም፣ ሲሸነፍ አላጎነበሰም።

መጨረሻው ላይ እቴቴ ጠጋ ብለው በለሆሳስ "በሞቴ" ይላሉ። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ሳህኑ ያጎነብሳል። ቀኝ እጅ ይገባል፣ ይቆርሳል። ከመጉረሱ በፊት ቁረጡ።