የእርዳታ ማሰባሰቢያ ቪዲዮ መግለጫ እንዴት ይጻፋል? ከሐዋሳ አንድ ምሳሌ

ባለፈው ዓመት የሐዋሳ ሰፈራችን ወጣቶች የኩላሊት እጥበት ለምታደርግ ጎረቤታችን ቪዲዮ ሲሠሩ፣ ከሥሩ የሚገባውን መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ቪዲዮውን ብዙ ሰው አየው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የገባው ብር ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ምክንያቱን የነገረን አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው፦ «ልልክ ቁጥሩን አስገብቼ ነበር፤ የማላውቀው ስም ሲመጣብኝ ፈርቼ ተውኩት።» ለካ እኔ የጻፍኩት ሰፈሩ የሚጠራትን ስም ኖሯል፤ ባንክ የተመዘገበችው ደግሞ በመታወቂያ ስሟ ነው። ሊረዳ የመጣ ሰው ሌባ መሰልነው።

ከዚያ ወዲህ መግለጫ የምጽፈው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የሂሳብ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ የብሩን መጠን፣ ታሪኩን መጨረሻ ላይ። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ይሻላል።

የሂሳብ ቁጥሩ

የባንኩን ስም፣ የባለሂሳቡን ሙሉ ስምና ቁጥሩን በየራሳቸው መስመር አስቀምጡ። የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ እንዲያምር ብላችሁ በክፍተት ወይም በሰረዝ አትከፋፍሉት፤ ሰው ከስልኩ ገልብጦ የሚለጥፈው ነውና። ስሙን ከባንክ ደብተሩ ላይ እያያችሁ ጻፉ። ከዚያ ከእናንተ ውጭ የሆነ ሰው ከመግለጫው ላይ ቁጥሩን ገልብጦ 10 ብር ይላክ፤ ከመላኩ በፊት የሚመጣለትን ስም ፊደል በፊደል ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። በላቲን ፊደል ከመጣ እንደመጣው አድርጋችሁ ጨምሩበት። የቴሌብር ቁጥርም ከሰጣችሁ እንዲሁ ሞክሩት።

ባለሂሳቡ ሌላ ሰው ከሆነ ማን እንደሆነና ለምን በእሱ ስም እንደተከፈተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ሂሳቡ የታማሚዋ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሷ አልጋ ላይ ስለሆነች።» ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ጎፈንድሚ ከከፈቱ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ባንክ ገንዘቡን ማውጣት ስለማይቻል የሚቀበለው እዚያ የሚኖር ሰው ነው፤ የእሱም ስም፣ ዝምድናውና ብሩን በምን መንገድ ወደ አገር ቤት እንደሚልክ መጻፍ አለበት። በቀጥታ ከውጭ ባንክ ለሚልክ የንግድ ባንክ ስዊፍት ኮድ CBETETAA ነው።

ስንት ብር፣ ለምን ያህል ጊዜ

«የቻላችሁትን» ብቻ ብለን የምንተወው ከሚያሳፍር ጥያቄ ለማምለጥ ነው፤ ሰጪው ግን ስንት እንደጎደለ ካላወቀ መቼ እንደሚበቃም አያውቅም። ስለዚህ ስሌቱን አሳዩት። ለምሳሌ ታማሚዋ ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ በሳምንት ሁለት ጊዜ እየመጣች ትታጠባለች እንበል። ለስድስት ወር 52 እጥበት ይሆናል። ሐኪም ቤቱ በጽሑፍ የሰጣችሁ ዋጋ ለአንዱ 2,500 ብር ቢሆን 130,000 ብር፣ ለደርሶ መልስ ትራንስፖርት 300 ብር ቢሆን 15,600 ብር፣ በድምሩ 145,600 ብር። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ደረሰኝ ይዛችሁ አስሉ። ቁጥሩን ወደ 200,000 ማጠጋጋት አያስፈልግም። 145,600 የሚል ሰው ተቀምጦ እንዳሰላ ይታወቃል።

ብሩ የማይሠራው ሥራ

እዚህ ጋ ነው ብዙ መግለጫ የሚዋሸው፤ ለክፋት ሳይሆን ከጭንቀት የተነሳ። «ሕይወቷን እናድን፣ ትድናለች» ይባላል። እጥበት ግን ኩላሊት አያድንም፤ ኩላሊቱ ማጣራት ያቃተውን ደም በማሽን ያጣራል፤ ንቅለ ተከላ እስካልተገኘ ድረስም ይቀጥላል። ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛ ቪዲዮ ይዛችሁ ስትመጡ «ድናለች አላላችሁም ነበር?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። የስድስት ወር እጥበት ከሆነ የስድስት ወር እጥበት ነው በሉ። ንቅለ ተከላ የታሰበ ከሆነም ገና ለጋሽ መፈለግ ላይ ናችሁ ወይስ ምርመራው አልቆ ቀጠሮ ተይዟል፣ ለይታችሁ ጻፉት።

ለመጻፍ የሚከብድ አንድ መስመር ደግሞ አለ፦ ብሩ ቢተርፍ፣ ወይም ታማሚዋ ብታርፍ ምን ይሆናል? ይህን አስቀድማችሁ ቤተሰቡን ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ ታማሚዋ ራሷ ናት የመለሰችው፦ «አብራኝ ለምትታጠበው ልጅ ይሰጥልኝ።» ያንኑ ጻፍነው።

ታሪኩ

ታሪኩን ቪዲዮው ስለሚናገረው አምስት መስመር ይበቃል። ሙሉው መግለጫ ይህን ይመስላል፦

«የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ሁለቱም ኩላሊቶቿ መሥራት ስላቆሙ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትታጠባለች። ለስድስት ወር 145,600 ብር ያስፈልጋል።
ንግድ ባንክ
(በደብተሩ ላይ ያለው ሙሉ ስም)
(13ቱ አሃዝ)
ሂሳቡ የራሷ ነው። ከዚህ ሌላ የሂሳብ ቁጥር የለንም።
እስከ ዛሬ ዓመት ድረስ ይርጋለም ገበያ አትክልት ትሸጥ ነበር። አሁን መቆም ስለማትችል ሥራ አቁማለች።
52 እጥበት 130,000፣ ትራንስፖርት 15,600። እጥበቱ በሽታውን አያድንም፤ በሕይወት ያቆያታል። ንቅለ ተከላ ገና አልተጀመረም።
ብር ከተረፈ በእሷ ፈቃድ አብራት ለምትታጠብ ሌላ ታማሚ ይሰጣል። የገባውንና የወጣውን በየወሩ መጨረሻ እዚሁ እንጽፋለን።»

ዩቲዩብ እስከ 5,000 ፊደል ይፈቅዳል፤ በስልክ ላይ ግን ሰው ተጨማሪ የሚለውን እስኪነካ ድረስ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማን፣ ምን ሆና፣ ስንት የሚሉት አናት ላይ፣ ሂሳቡም ወዲያው ከሥራቸው የተቀመጡት። «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለውን ከዚህ መግለጫ አውጡት፤ በታማሚ ስም ተከታይ መልቀም ይመስላል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ጽሑፉን ለታማሚዋ አንብቡላት። የሐኪም ማስረጃ የምታሳዩ ከሆነ የካርድ ቁጥሩን፣ የቤት አድራሻውንና ስልኳን ሸፍኑ። የልጆቿን ትምህርት ቤት አትጥቀሱ። ጎረቤታችን «ባሏ ጥሏት ሄደ» የሚለውን አውጡልኝ አለች፤ እውነት ነበር፣ ግን ልጆቿ የሚያነቡት ነው። አወጣነው።

ከተለጠፈ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት አስተያየቶቹን በየቀኑ እዩ። ሌላ ሰው የራሱን ቁጥር «አዲሱ ሂሳብ ይህ ነው» ብሎ ሲጽፍ እኛ ላይ ደርሷል። አጥፉት፤ ትክክለኛውን ቁጥር የያዘ አስተያየት ጽፋችሁም ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ቪዲዮው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ያለመግለጫው ስለሚዞር ስሙንና ቁጥሩን ምስሉ ላይም አኑሩ።

በየወሩ መጨረሻ መግለጫውን ከፍታችሁ ከነቀኑ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የገባው ይህን ያህል፣ ለእጥበት የተከፈለው ይህን ያህል፣ ቀሪው ይህን ያህል። የገባው አነስተኛ ቢሆንም ይጻፍ። ገንዘቡ የሞላ ቀን ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር «ማሰባሰቡ ተጠናቋል፤ እባካችሁ ከዚህ በኋላ አትላኩ» በሚል ቀይሩት፤ የሂሳብ ቁጥሩንም ከመግለጫውም ከተሰካው አስተያየትም አንሱት።