ፊደሉ ተልቆም አልነበብ ሲል፦ የወላጆችን ስልክ ጽሑፍ ማስተካከል

የእናቱን ወይም የአባቱን ስልክ ሊያስተካክል የሚቀመጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። የፊደል መጠኑን ማንሸራተቻ እስከ ጥግ ይገፋና ስልኩን ይመልሳል። ከሰነባበተ በኋላ ግን ወይ "አሁንም አይታየኝም" ይባላል፣ ወይ "መላኪያው የት ሄደ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስልኩ ላይ ሦስት የተለያዩ ማስተካከያዎች አሉ፤ ሦስቱም የሚፈቱት ችግር ይለያያል። የመጀመሪያው የፊደል መጠን ነው፤ ጽሑፉን ብቻ ያሳድጋል። ሁለተኛው የማሳያ መጠን ነው፤ ፊደሉንም፣ ምስሉንም፣ ቁልፉንም፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተትም አብሮ ያሳድጋል። ሦስተኛው ውፍረት ነው፤ ፊደሉ ብዙም ቦታ ሳይጨምር መስመሩ ይደምቃል። አንዱ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ሌላውን መግፋት ነው ችግሩን የሚያመጣው።

ከመንካት በፊት፦ ያቃታቸው ምኑ ነው?

"ይታይዎታል?" ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም። ትልቅ ሰው ልጁን ላለማስቸገር "አዎ፣ ይታየኛል" ይላል። ይልቅ የማያውቁት ስልክ ቁጥር ያለበት አጭር መልእክት ይላኩላቸውና ጮክ ብለው እንዲያነቡት ያድርጉ። ስልኩን በራሳቸው እጅ፣ ወትሮ በሚይዙበት ርቀት፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይያዙት፤ የንባብ መነጽር ካላቸው ያድርጉት። 3ን 8፣ 6ን 8 ብለው ካነበቡ፣ ወይም "ቢ" እና "ቤ" ከተምታቱባቸው ጽሑፉ አልበቃቸውም ማለት ነው።

ከዚያ ስህተቱ የትኛው ጽሑፍ ላይ እንደሚደርስ ልብ ይበሉ። ጥቁሩን መልእክት አንብበው ከሥሩ ያለውን ግራጫ ሰዓትና ቀን ካለፉት፣ የጎደላቸው ከመጠኑ ይልቅ ድምቀት ነው። ሁሉም እኩል ካስቸገራቸው መጠን ነው። ጽሑፉን አንብበው ጣታቸው ቁልፉን ከሳተ ደግሞ የማሳያ መጠን ይፈልጋሉ። ቀጥ ያለው መስመር ተጣሞ የሚታያቸው ከሆነ፣ ከቃሉ መሃል የሚጠፋ ቦታ ካለ፣ ወይም አንድ ዓይናቸው በድንገት ከደከመ ግን ስልኩን ያስቀምጡትና ሳይውሉ ሳያድሩ ዓይን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። ያ በስልክ ማስተካከያ የሚፈታ አይደለም።

ምልክት፦ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ግን ፈዞ ይታያል

መንስኤው ቀጭን መስመርና ግራጫ ቀለም ነው። በዕድሜ የገፋ ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወጣቱ ያለችግር የሚያነበው ግራጫ ጽሑፍ ለእርሳቸው ከነጩ ጋር ይቀላቀላል። እዚህ ላይ መጠን መጨመር ቀጭኑን መስመር ረጅም ከማድረግ ያለፈ ብዙም አይረዳም።

መጀመሪያ ውፍረቱን ያብሩ። አይፎን ላይ `Settings` > `Accessibility` > `Display & Text Size` ገብተው `Bold Text` ን ማብራት ነው። ሳምሰንግ ላይ `Settings` > `Display` > `Font size and style` ውስጥ `Bold font` ይባላል። የጉግልን ፒክስል በመሰሉ አንድሮይዶች ላይ `Accessibility` > `Display size and text` ውስጥ `Bold text` የሚል አለ፤ ይህ የመጣው ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ነው። የስልክዎ ሜኑ ከዚህ ከተለየ `Settings` ከላይ ባለው መፈለጊያ `bold` ብለው ይጻፉ፤ በቀጥታ ያደርስዎታል።

የእኛን ፊደል በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። "ቢ"ን ከ"ቤ" የሚለየው እግሩ ሥር ያለው ምልክት ብቻ ነው፤ አንዱ አጭር ሰረዝ፣ ሌላው ትንሽ ቀለበት። ፊደሉ ትንሽ ሆኖ በጣም ሲወፍር የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈንና ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ላቲኑ ተስተካክሎ አማርኛው ሲጨማለቅ ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ ውፍረት ካበሩ በኋላ የፊደል መጠኑንም ቢያንስ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት፤ ቀለበቱ እንደገና ይከፈታል። ጌጠኛ ፎንት ተጭኖ ከሆነም ወደ ነባሩ ይመልሱት። ብዙዎቹ ጌጠኛ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል በውስጣቸው ስለሌለ ስልኩ አማርኛውን ከሌላ ፎንት ያመጣና የአንዱ ገጽ ጽሑፍ ሁለት መልክ ይይዛል።

ውፍረቱ ካልበቃ ቀጣዩ ጽሑፉን ከጀርባው ቀለም ይበልጥ የሚለየው ንጽጽር ነው፦ አይፎን ላይ እዚያው ገጽ ላይ `Increase Contrast`፣ ሳምሰንግ ላይ በ`Accessibility` ሥር `High contrast fonts`። የኋለኛው በፊደሉ ዙሪያ ጠርዝ ስለሚያሰምር ለአንዳንዱ ሰው ግልጽ፣ ለሌላው ደግሞ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ባለቤቱ አንብበው ሳይወስኑ እንዲሁ አብርተው አይተዉት።

ምልክት፦ ማንሸራተቻው ጥግ ደርሷል፣ ፊደሉ ግን አሁንም ያንሳል

አይፎን ከሆነ ጥግ የመሰለው ጥግ አይደለም። `Display & Text Size` > `Larger Text` ውስጥ ከላይ `Larger Accessibility Sizes` የሚል ማብሪያ አለ። እርሱ ሲበራ ማንሸራተቻው ላይ አምስት ተጨማሪ ደረጃዎች ይመጣሉ። `Display & Brightness` ውስጥ ያለውን `Text Size` ብቻ የሚያውቅ ሰው እነዚህን አያገኛቸውም።

አንድሮይድ ላይ ገደቡ በሥርዓቱ ዕድሜ ይወሰናል። ከአንድሮይድ 14 በፊት ፒክስል ላይ ጣሪያው 130 በመቶ ነበር፤ 14 ላይ ወደ 200 በመቶ ወጣ። 200 ላይ ግን ሁሉም እኩል እጥፍ አይሆንም፦ ትንንሹ ጽሑፍ ብዙ ያድጋል፣ ቀድሞውኑ ትልቅ የነበረው ርዕስ ጥቂት ብቻ። ገጹ እንዳይፈነዳ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ርዕሱ አላደገም ብለው ስልኩን አይጠራጠሩ። አሮጌ ስልክ ከሆነ ቀሪውን ከማሳያ መጠኑ ያግኙት።

ምልክት፦ ሜኑው አድጓል፣ መልእክቱ ግን እንደነበረ ነው

መንስኤው መተግበሪያው የራሱ መጠን ያለው መሆኑ ነው። ዋትስአፕ አንድሮይድ ላይ `Settings` > `Chats` > `Font size` ውስጥ `Large` የሚል ምርጫ አለው። ቴሌግራም ላይ `Chat Settings` ውስጥ የመልእክት ጽሑፍ መጠን ማንሸራተቻ አለ። ወላጆች አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፉት እነዚህ ላይ ስለሆነ ይህን መዝለል ሥራውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው።

አንዳንድ መተግበሪያ ጭራሽ ማስተካከያ የለውም፤ ሠሪው ፊደሉን የፊደል መጠንን በማይከተል መለኪያ ተክሎታል። የማሳያ መጠኑ ግን ያሳድገዋል። በፎቶ የተላከ ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ ደግሞ ምስል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ አንዱንም አይሰማም፤ እርሱን በሁለት ጣት መዘርጋት ብቻ ነው፤ ይህንንም ቁጭ ብሎ ማሳየት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ቁልፉ ከስክሪኑ ወጣ፣ ቃሉ መሃል ላይ ተቆረጠ

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ መንስኤውም የፊደል መጠንና የማሳያ መጠን ሁለቱም ጥግ መድረሳቸው ነው።

ስሌቱን እንየው። ወርዱ 1080 ፒክሰል የሆነ የተለመደ ስልክ ለመተግበሪያዎች ራሱን 360 ነጥብ ስፋት እንዳለው አድርጎ ያሳውቃል። የማሳያ መጠኑ ሲጨምር ያ ቁጥር ይወርዳል፤ አንድሮይድ ዝቅተኛ ገደብ ያደረገው 320 ነው። መተግበሪያው የሚያየው ስልክ ጠበበ ማለት ነው። በፊት አንድ መስመር 30 ፊደል ይይዝ ነበር እንበል። ማሳያው 320 ሲሆን 27 ገደማ ይቀራል። ፊደሉ 130 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 20 ይወርዳል። 200 በመቶ ከሆነ 13 ገደማ ነው፤ ያ ሁለት ሦስት ቃል ነው። "ይቅር" እና "አረጋግጥ" የሚሉ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ገጽ ላይ ሁለተኛው ይቆረጣል ወይም ወደ ታች ይገፋል። ገጹ ወደ ታች የማይሳብ ሆኖ ከተሠራ ቁልፉ ጨርሶ አይደረስበትም።

አንድ አባት ገንዘብ መላኪያው ላይ መጠኑን ሞልተው ማረጋገጫውን አጡት እንበል። መጀመሪያ የማሳያ መጠኑን ወደ ነባሩ ይመልሱት፤ የፊደል መጠኑን ገና አይንኩት። መተግበሪያውን ዘግተው ይክፈቱትና እዚያው ገጽ ድረስ ይሂዱ። ቁልፉ ከመጣ ያበቃል። ካልመጣ የፊደል መጠኑን አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ አድርገው ደግመው ይሞክሩ። በዚህ መሃል የጠፋውን ንባብ በውፍረት ይተኩት፤ ውፍረት ቦታ እምብዛም አይወስድምና። አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ የሚሆነው ውፍረት በርቶ፣ ፊደሉ ከጥጉ አንድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ማሳያው ነባሩ ላይ ወይም ከነባሩ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው።

አይፎን ላይ ለአንድ መተግበሪያ ብቻ ማሳነስ ይቻላል፦ `Accessibility` > `Per-App Settings` ገብተው መተግበሪያውን ይጨምሩና ለእርሱ ለብቻው `Larger Text` ን ዝቅ ያድርጉ። ሌላው ሁሉ ትልቅ እንደሆነ ይቆያል።

ምልክት፦ ያስተካከሉት ተመልሶ አነሰ

ሳምሰንግ ላይ መጀመሪያ `Easy mode` ን ይመልከቱ። ሲበራ ፊደሉንና አዶዎቹን በራሱ ስለሚያሳድግ፣ አንድ ሰው ሲያጠፋው ጽሑፉም አብሮ ያንሳል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፦ ወይ `Easy mode` ን ይጠቀሙ፣ ወይ ያጥፉትና ሁሉንም በእጅ ያስተካክሉ። አይፎን ላይ ደግሞ ከላይ በሚጎተተው መቆጣጠሪያ ላይ የጽሑፍ መጠን ቁልፍ ተጨምሮ ከሆነ ሳያስቡት ሊነካ ይችላልና ከዚያ ያንሱት።

ሲጨርሱ የሦስቱንም ማስተካከያ ገጾች ስክሪን ቅጂ አንስተው በራስዎ ስልክ ላይ ያስቀምጡ። ስልኩ ሲቀየር ወይም በስህተት ሲነካ የትኛው ደረጃ ላይ እንደነበር በስልክ ደውለው ለመምራት ይህ ያስፈልግዎታል። ከዚያ ያንኑ የመጀመሪያ ፈተና፣ በሌላ ቁጥር፣ ማታ በመብራት ደግመው ያስነብቧቸው፤ ቀን የበቃ መጠን ማታ ላይ የማይበቃበት ጊዜ አለ።